የእማዬ መዝሙር ላይ የገባው «እምምም» ከየት መጣ?

እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፈው ከጎንደር ነው። ጥያቄዬ መዝሙር በስልክ ስለመቅዳት ነው።

እማዬ ራሷ የደረሰችው አንድ የንስሐ መዝሙር አላት። የትም አልተጻፈም። ቡና ስታፈላ ታንጎራጉረዋለች፤ ታናሽ ወንድሜ ደግሞ በበገና ይከተላታል። ስቱዲዮ የመግባት ሐሳብ የለንም። ድምጿ ጥርት ብሎ እንዲቀመጥልን ብቻ ነው የምንፈልገው።

እስካሁን ሦስት ጊዜ ቀድተናል። ሦስቱም ላይ ከድምጿ ሥር «እምምም» የሚል ነገር አለ። ስትዘምር ይደበቃል። ትንፋሽ ልትወስድ ዝም ስትል ቀስ እያለ ከፍ ይላል። የቀዳነው ሳሎን ውስጥ ነው፤ ፍሪጁ ከግድግዳው ማዶ ነው። ባትሪው ቶሎ ስለሚያልቅ ስልኩ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ማይኩ ልብስ ላይ የሚሰካ፣ ገመድ ያለው ትንሽ ማይክ ነው። ጥፋቱ የማነው? የማይኩ ነው? የስልኩ? ወይስ የቤቱ?

(መልሶቹ አሁን 31 ደርሰዋል። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉንም ለማንበብ ስለሚቸገር በየቁጥራቸው ከዚህ በታች በራሴ ቃል ጽፌያቸዋለሁ።)

1. መጀመሪያ የመለሰልኝ አንድ የአዘዞ ልጅ ነው። በጣም በትሕትና ነው የጻፈው። ችግሩ የክፍሉ ገደል ማሚቶ ነው ብሎ ጋቢና ብርድ ልብስ በሦስት በኩል እንድንሰቅል መከረኝ። እሱ አልጋውን ከግድግዳ አርቆ፣ በመሀሉ ጋቢ ጋርዶ ነው የሚቀዳው። ድምፁ ወዲያው ጠርቶለታል።

2. ሌላ ሰው ደግሞ ይህንኑ ሞክሮ እንደሠራለት መሰከረ።

3. ስልክ የሚጠግን ወንድም መጣ። በብዙ ስልኮች ላይ ዋናው ማይክ ከታች፣ ከቻርጅ መሰኪያው አጠገብ ያለችው ቀዳዳ መሆኗን አስታወሰኝ። አቧራ ከያዘች በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ቀስ ብሎ መጥረግ ነው እንጂ መርፌ መክተት አይገባም፤ በመርፌ የተበሳ ማይክ ብዙ ጊዜ እንደሚመጣለት ነገረኝ። ሄጄ ሳየው እውነትም የስልኬ ሽፋን የቀዳዳዋን ግማሽ ከድኖታል።

4. እኔ አመሰገንኩት። ግን የቀዳነው በገመዱ ማይክ ስለሆነ ያቺ ቀዳዳ የእምምታው ምክንያት ልትሆን አትችልም ብዬ ጻፍኩ። ትክክል ነሽ አለኝ። ሽፋኑን ግን በዚያው አወለቅኩት፤ በኋላ ጠቅሞናል።

5. እዚህ ላይ ውይይቱ ትንሽ ተጣመመ። አንድ ሰው ጥያቄዬን አዙሮ አነበበው። እምምታው የበገናው ነው ብሎ ስለገመተ እንዚራዎቹን አውጥተን እንድንቀዳ መከረን።

6. አንዲት በገና ደርዳሪ እህት በዚህ ተቆጣች። እንዚራ ማለት በአውታሩና አውታሩ በሚያርፍበት መቀመጫ መሀል የሚገባው ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ነው። በገናውን በገና የሚያሰኘው ያ የሚነዝር ድምፅ የሚወጣው ከዚያ ነው። እሱን አውጡ ማለት በገናውን ዝም አሰኙት ማለት ነው ብላ ጻፈች። አነጋገሯ ስለታም ነበር። ግን ከቁጣዋ ቀጥላ የጠየቀችኝ ጥያቄ እስከዚያ ድረስ ማንም ያልጠየቀኝ ነው። በገናው ሳይነካ፣ ማንም ሳይተነፍስ፣ እምምታው አለ ወይስ የለም?

7. ተመልሼ አዳመጥኩ። አለ። ወንድሜ አውታር ከመንካቱ በፊት ባሉት ስድስት ሰከንዶች ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ይህንኑ ጻፍኩላት።

8. ከዚያ ጋሼ መጡ። ስማቸውን አልነገሩንም። በካሴት ዘመን ፒያሳ ካሴት ቤት ውስጥ ድምፅ ሲቀዱና ሲያባዙ እንደኖሩ ብቻ ነው የጻፉት። የእሳቸው መልስ ረጅም ነው፤ እኔም ሳላሳጥር ላስቀምጠው።

ጋሼ በመጀመሪያ አንድ ድምፅ ነው ብላችሁ አትነሱ አሉን። በእሳቸው ልምድ የቤት ውስጥ እምምታ ብዙ ጊዜ የሁለት ወይም የሦስት ነገሮች ድምር ነው፤ አንዱን አጥፍተው ሌላው ሲቀር ሰው መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ በጆሮ መለየት ይቀድማል። ቀጠን ያለ፣ ዝዝዝ የሚል፣ የገመዱን መሰኪያ በጣት ሲነኩት የሚለወጥ ከሆነ በገመድ የገባ ኤሌክትሪክ ነው። ወፈር ያለ፣ ለተወሰነ ደቂቃ ሠርቶ ራሱ ቀጥ የሚል ከሆነ ፍሪጅ ነው። ዘማሪዋ ዝም ስትል ቀስ እያለ የሚያድገው ግን አዲስ ድምፅ አይደለም። ስልኩ ጸጥታ ሲያገኝ ደካማ ድምፅ የመጣበት መስሎት ራሱ መጠኑን ከፍ ያደርጋል፤ ያኔ ከሥር ያለው ሁሉ አብሮ ይነሣል። እማዬ ትንፋሽ ስትወስድ ብቅ የሚለው ለዚህ ነው።

ቀጥለው የቤት ሥራ ሰጡኝ። ያንኑ ማይክ፣ በዚያው ቦታ፣ ማንም ሳይናገር 20፣ 20 ሰከንድ አራት ጊዜ መቅዳት ነው። አንደኛው እንደነበረው። ሁለተኛው ቻርጀሩ ከስልኩም ከሶኬቱም ተነቅሎ። ሦስተኛው ፍሪጁም ተነቅሎ። አራተኛው ከቆጣሪው ላይ የቤቱ መብራት በሙሉ ጠፍቶ። ከዚያ በኢርፎን አራቱን ማወዳደር። ቆጣሪው ጠፍቶም እምምታው ካለ ምንጩ ከቤቱ ውጭ ነው፣ ወይ ራሱ ማይኩ ነው።

9. የአዘዞው ልጅ ተመልሶ መጣ። የእሱ ጋቢ ሠርቶለት ሳለ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን እንደሚያስፈልግ አልገባውም። ትንሽ ቅር ብሎታል።

10. ጋሼ በእርጋታ መለሱለት። ጋቢው የሠራው እውነት ነው፤ ግን የሠራው ሌላ ሥራ ነው። ጨርቅ የሚይዘው ከግድግዳና ከኮርኒስ ተመልሶ የሚመጣውን ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ ቃሉ ጥርት የሚለው ለዚያ ነው። ወፍራሙ የፍሪጅ ድምፅ ግን በጋቢ ውስጥ እንደሌለ ቆጥሮት ያልፋል። ልጁ ይህን ሲያነብ ተቀበለ። የእሱ ቤት ፍሪጅ እንደሌለም ነገረን። ጥሩ ልጅ ነው።

11. እኔ የቤት ሥራዬን ይዤ ተመለስኩ። ውጤቱ እንዲህ ነበር። ቻርጀሩ ሲነቀል ላይ ላዩ ላይ የነበረው ዝዝታ ወዲያው ጠፋ፤ ወፍራሙ ቀረ። ፍሪጁ ሲነቀል ወፍራሙም ሄደ ለማለት ይቻላል። በሦስተኛውና በአራተኛው መሀል ያለውን ልዩነት ለማግኘት ዓይኔን ጨፍኜ ሦስት ጊዜ ማዳመጥ ነበረብኝ። ትንሽ አለ። የሳሎኑ አምፖል ነው፤ ብቻውን ሳበራው ያው ቀጭን ድምፅ ተመለሰ። ሦስት ምንጭ ማለት ነው፤ ልክ ጋሼ እንዳሉት።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም ነበር። ቻርጀሩ ራሱ ድምፅ አያሰማም፤ ጆሮዬን አስጠግቼ ሰምቼዋለሁ። ታዲያ ዝዝታው ከየት ገባ?

12. ጋሼ አስረዱኝ። ዝዝታው በአየር የመጣ ድምፅ አይደለም፤ በሽቦ የገባ ነው። ስልኩ በባትሪው ብቻ ሲሠራ ከቤቱ መብራት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ቻርጀር ሲሰካ፣ በተለይ ርካሹ ዓይነት ሲሆን፣ ከመብራቱ የሚሾልክ ጥቂት ነገር በስልኩ አልፎ ወደ ማይኩ ገመድ ይደርሳል። የእኛ የማይክ ገመድ ደግሞ ረጅም ስለሆነ ከማከፋፈያው ገመድ ጋር ጎን ለጎን ወለሉ ላይ ተጋድሞ ነበር። ፎቶውን አይተው ነው ያወቁት። ሁለቱ ጎን ለጎን ከሚተኙ ራቅ ይበሉ፤ መገናኘታቸው ግድ ከሆነ እንደ መስቀል ይቋረጡ አሉኝ።

13. ከማራኪ አንዲት እናት ጻፉ። እሳቸው የሚቀዱት መብራት ሲጠፋ ነው። ጸጥታው ልዩ እንደሆነ ነገሩን። ቀኑን መምረጥ ግን አይቻልም፤ አንዴ ሦስተኛው ቁጥር ላይ ሳሉ የጎረቤት ጄኔሬተር ተነሥቶ ሁሉንም አበላሽቶባቸዋል።

14፣ 15፣ 16፣ 17. ጨዋታው ከዚህ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ሄደ። አንዱ ሌሊት መቅዳት አይቻልም፣ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ አለ ብሎ አማረረ። ሌላው ማኅሌቱን እንደ ረብሻ መቁጠሩ አስከፍቶት መረር ያለ ነገር ጻፈ። ሦስተኛው የበዓታን አቋቋም እያነሣ ጎንደር ተቀምጦ በዜማ ማማረር አይገባም አለ። የመጀመሪያው ሰው ማማረሩ ሳይሆን የሰዓት ጥያቄ መሆኑን ገልጾ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚህ ሁሉ የሚጠቅመን አንድ ነገር ወጣ። ባጃጁ ከቀነሰ በኋላ፣ ውሻው ሳይጀምር፣ ከምሽቱ 4 እስከ 5 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ለአብዛኛው ሰፈር ይሻላል። በማግሥቱ በዓል ከሆነ ግን ይህም አይሆንም።

18. ደርዳሪዋ እህት ተመለሰች፤ በዚህኛው መልሷ ቁጣ የለም። ማይኩን የት እንዳደረግነው ጠየቀችኝ። ከመሀላቸው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ከእማዬ አፍ አንድ ሜትር ያህል ይርቃል አልኳት። ቀረጻው የሚደክመው በዚህ መሆኑን ነገረችኝ። ርቀቱ በግማሽ ሲቀነስ ድምፅ 6 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል፤ የክፍሉ እምምታ ግን ባለበት ይቆያል። ከአንድ ሜትር ወደ 25 ሳንቲሜትር ማምጣት ማለት 12 ዴሲቤል ያህል በነጻ ማግኘት ነው። ስንዝር ተኩል በጣትሽ ለኪ፤ ግን ፊት ለፊት አፏ ላይ አታድርጊው፤ ትንሽ ወደ ጉንጯ በኩል ይሁን አለችኝ። አለበለዚያ «ጵ» እና «ፍ» ላይ ትንፋሹ ማይኩን ይመታዋል። የእኛ መዝሙር ውስጥ ደግሞ «ፍቅር» የሚለው ቃል በየአዝማቹ ይመጣል።

19. አንድ ሰው የትኛው ስልክ እንደሚሻል ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም።

20. ከባሕር ዳር የጻፈች እህት የራሷን ችግር ይዛ መጣች። ቀረጻዋ ስልኳ ላይ ጥሩ ነው፤ በቴሌግራም ስትልከው ይበላሻል። እንደ ድምፅ መልእክት እየቀዳች ነበር የምትልከው። የስልክ ጠጋኙ መለሰላት፦ የድምፅ መልእክት ለንግግር ተብሎ የሚጨመቅ ነው፤ በሪከርደር ቅጂና እንደ ፋይል ላኪው አላት። ከጥያቄዬ ውጭ ቢሆንም እኔንም ጠቀመኝ።

21. የስልክ ጠጋኙ በዚያው ስለዚያ መጠኑን ራሱ ከፍ ዝቅ ስለሚያደርገው ነገር ጨመረልን። አንዳንድ የአንድሮይድ መቅጃዎች ማስተካከያቸው ውስጥ የማይክ ምንጭ የሚመረጥበት ቦታ አላቸው። Unprocessed የሚል ካለ እሱን፣ ከሌለ Voice recognition የሚለውን መምረጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ በዚያ በኩል ስልኩ ድምፁን አይነካካውም። ሁሉም ስልክ ግን አይቀበለውም። መቀበሉን የምታውቂው ዘምረሽ ዝም ስትዪ እምምታው ባለበት ሲቆም ነው አለኝ። የእኔ ስልክ ሁለተኛውን ተቀበለ።

22. አንድ ወጣት ገብቶ ይህ ሁሉ ድካም ለምንድነው አለ። በኮምፒዩተር Audacity ላይ ከፍቶ፣ የጸጥታውን ክፍል መርጦ Noise Reduction ውስጥ Get Noise Profile ቢል፣ ከዚያ ሙሉውን ቀረጻ መርጦ Noise Reduction ቢጭነው በአንድ ደቂቃ ይጠራል። እሱ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

23. ደርዳሪዋ እዚህ ላይ እንደገና ተናደደች። ይህን የሞከረችው በራሷ በገና ላይ ነው። ፕሮግራሙ ድምፅና ድምፅ አይለይም፤ በጸጥታው ክፍል ውስጥ ያለውን እምምታ የሚመስለውን ሁሉ እንደ ረብሻ ያየዋል። የእንዚራው ነዝር ደግሞ እየሳሳ ሲሄድ ከዚያ ጋር ይቀላቀላል። ተጠርጎ ሲወጣ በገናዋ ጨርቅ የተከደነበት ክራር መስሎ ነበር። የማታውቀውን መሣሪያ አትጥረግ ብላ ጨረሰች።

24. ወጣቱም አልተኛላትም። መሣሪያውን ሳይሆን አጠቃቀሙን አላወቅሽበትም የሚል መልስ ሰጠ። ይህኛው ትንሽ አሳዘነኝ።

25. ጋሼ ገላገሏቸው። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። ለድምፅ ብቻ ከሆነ፣ መጠኑ ትንሽ ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ይረዳል። እምምታን ግን በማጣሪያ ቆርጦ መጣል ከባድ የሚሆንበት ምክንያት አለ። የአገራችን መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ነው የሚመላለሰው። እምምታው ግን 50 ላይ ብቻ አይቀመጥም፤ 100 ላይም፣ 150 ላይም፣ ከዚያም በላይ ይደጋገማል። ከ80 በታች ያለውን ብትቆርጪ የመጀመሪያው ይሄዳል፤ ሌሎቹ በገናው ወፍራም አውታሮች ሠፈር ውስጥ ተቀምጠው ይቀራሉ። እነሱን ልትቆርጪ ስትይ በገናውን ትቆርጪዋለሽ። ስለዚህ ከምንጩ ማጥፋት ነው የሚሻለው።

26. እኔ ሦስተኛውን የድሮ ቀረጻ ይዤ የጎረቤት ላፕቶፕ ላይ ሞከርኩት። Noise Reduction 12 ላይ ሲሆን እምምታው ጠፋ፤ ግን የእማዬ ቃላት መጨረሻቸው ላይ ውሃ ውስጥ እንደተዘመሩ ሆኑ። 6 ላይ ስመልሰው ድምጿ ዳነ፤ እምምታው በግማሽ ቀረ። የበገናው ነዝር ግን በሁለቱም ላይ ሳስቷል። ደርዳሪዋ እውነቷን ነው።

27. አንድ ሰው መዝሙሩ በመምህራን ታይቷል ወይ ብሎ ጠየቀ። ለቤተሰብ የሚቀመጥ መሆኑን፣ ቢሆንም እማዬ ለንስሐ አባቷ አንብባላቸው እንደነበር ገለጽኩለት። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አልከፋኝም።

28. አራተኛውን ቀረጻ አደረግን። እንዴት እንደሆነ በዝርዝር ልጻፍ።

ስልኩን ቀን ሙሉ ቻርጅ አድርጌ ማታ ነቀልኩት። ኤርፕሌን ሞድ ላይ አደረግኩት። የገመዱን ማይክ ተውነው። ጠረጴዛው ግድግዳውን ስለሚነካና ግድግዳው ደግሞ ከሌላ ክፍል የሚመጣውን ንዝረት ስለሚያመጣ ጠረጴዛውንም ተውነው። ስልኩ አራት እጥፍ በሆነ ጋቢ ላይ፣ በርጩማ ላይ፣ የታችኛው ጫፉ ወደ እማዬ ጉንጭ ዞሮ፣ ስንዝር ተኩል ርቆ ተቀመጠ። ወንድሜ ከበርጩማው አንድ ሜትር ወደኋላ ሆኖ በገናውን አቀና። ፍሪጁን ነቀልኩ። ጋሼ እንደመከሩኝ የቤቱን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ አስቀመጥኩ፤ ጠዋት ቁልፍ ፍለጋ ስሄድ ፍሪጁን መልሼ እንድሰካ ነው። አምፖሉን አጠፋሁ። እማዬ በጧፍ ዘመረች።

መጀመሪያ 10 ሰከንድ ጸጥታ ቀዳን። ከዚያ አንድ አዝማች ሞከርን፤ «ፍቅር» ላይ ትንፋሿ መታ፤ ስልኩን ሁለት ጣት ወደ ጆሮዋ በኩል ገፋሁት። ሁለተኛው ሙከራ ላይ አልመታም። ሙሉውን ዘመረች። በኢርፎን ስሰማው ትንፋሽ ስትወስድ የሚሰማው ትንፋሿ ብቻ ነው። ጧፉ ሲንጣጣ አንድ ቦታ ይሰማል፤ እሱን እንዲቆይ ፈቅደናል።

29. ጋሼ ቀረጻውን ሰምተው በገናው ራቀ አሉ። በእሳቸው አስተያየት በገናውን ለብቻ ቀድቶ፣ እማዬ በአንድ ጆሮ እየሰማች ድምጿን ለብቻ ብትቀዳ ሁለቱም ይጠራሉ።

30. ደርዳሪዋ አልተስማማችም። በገና የሚደረድርና የሚዘምር ሰው አንድ ትንፋሽ ነው፤ ለያይቶ ማጣበቅ ጥራት ቢሰጥም ያንን ይወስዳል። ከፈለጋችሁ በገናውን ግማሽ ሜትር አስጠጉት አለችን። ጋሼ አክብረው መለሱላት፤ ግን ሐሳባቸውን አልቀየሩም። እኔም ገና አልወሰንኩም።

31. የአዘዞው ልጅ ክረምት ሲገባ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ምን እናድርገው ብሎ ጠይቋል። ይህን የሚያውቅ ካለ ይጻፍለት። እማዬ ሁለተኛውን ቁጥር እንደገና መዘመር ትፈልጋለች፤ ቅዳሜ ማታ ከዝናቡ በፊት በገናውን አስጠግተን እንሞክራለን።